መቆም የማትችለው እናቴን ቁመት ስለካ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ፤ የትኛውን ልያዝ?

ሰላም ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ከዚያ በፊትም ወገቧ ጎብጦ ነበር። አሁን አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ናት። ቀን ቀን ደግፈን ወንበር ላይ እናስቀምጣታለን። መቆም ግን ፈጽሞ አትችልም።

ሰሞኑን የከሳች መሰለኝና ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። «ክብደቷንና ቁመቷን ለክተሽ አምጪ፣ ቢኤምአይ እናወጣላታለን» አሉኝ። ክብደቷ አላስቸገረኝም። ወንድሜ አቅፏት ሚዛን ላይ ወጣ፣ 109 ኪሎ መጣ። ብቻውን ሲወጣ 68 ነው። ስለዚህ እሷ 41 ኪሎ ናት።

ቁመቷ ነው ግራ ያጋባኝ። መጀመሪያ እንደተኛች ከአናቷ እስከ ተረከዟ በሜትር ለካሁ፣ 143 ሆነ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ የጉልበት ቀመር የሚሉት ነገር አገኘሁ፣ በሱ ስሠራው 157 መጣ። ሦስተኛ ደግሞ ደህናውን ግራ እጇን ዘርግቼ ከአንገቷ ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ለካሁ። 80 ሆነ፣ እጥፉ 160 ነው።

በ143 ከሄድኩ ቢኤምአይዋ 20 ነው፤ ደህና ናት ማለት ነው። በ160 ከሄድኩ 16 ነው፤ በጣም ከስታለች ማለት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ክብደት፣ ሁለት የማይገናኝ መልስ። የቱን ልያዝ?

---

ሜትር በአንገቴ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ሁለት እጁን ወደ ጎን ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ቁመቱን ነው የሚያክለው። ስለዚህ 160ውን ያዢ፣ ሌላውን ተዪው።

አልጋ ላይ የለካሽው ግን በጭራሽ አይሆንም። የጎበጠ ሰው ሲተኛ ወገቡ አይቃናም። ጉልበቱም ትንሽ መታጠፉ አይቀርም። እኔ ለጎበጠ ሽማግሌ ኮት ስሰፋ የጀርባውን ጨርቅ ከፊቱ አስረዝማለሁ። ያ ርዝመት የትም አልጠፋም፣ ጀርባው ላይ ታጥፎ ነው ያለው።

---

ከሊድስ

ሰላም እህቴ። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። መቆም የማይችል ሰው ሲመጣልን የክንዱን አጥንት እንለካና ሰንጠረዥ ላይ ቁመቱን እናነባለን። ሰንጠረዡ ለወንድና ለሴት፣ ከ65 ዓመት በላይና በታች ላለ ሰው ተለይቶ የተሠራ ነው። ሰውየውን ማንሳት ማገላበጥ የለም፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግራ ክንዷን ለኪውና ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።

---

ሰላም ከደሴ

አመሰግናለሁ። አሁኑኑ ለካሁት። ክንዷ 40 ሴንቲሜትር ነው።

---

ከሊድስ

40? የኛ ሰንጠረዥ ላይ ትልቁ 32 ነው፤ ያ ደግሞ 190 ሴንቲሜትር ለሚጠጋ ሰው ነው። ከየት እስከ የት ነው የለካሽው?

---

ሰላም ከደሴ

ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ። ክንድ ማለት እሱ አይደለም እንዴ? ጨርቅ ሲለካ እንደዚያ አይደል?

---

ጤና አዳም

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይሄ ክር ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ስለያዘ ትንሽ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ከክንዱ ልጀምር። ሰላም፣ ያጠፋሽው የለም። በኛ ቋንቋ ክንድ ሲባል ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው፣ ገበያም ላይ እንደዚያ ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን አጥንቱ ብቻ ነው። የእናትሽን ግራ እጅ አጥፈሽ መዳፋቸውን ቀኝ ትከሻቸው ላይ አስቀምጪው። ክርኑ ሹል ብሎ ይወጣል። ከዚያ ሹል ጀምረሽ በትንሿ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ እብጥ ብላ እስከምትታየው አጥንት መሃል ድረስ ለኪ። መዳፍና ጣት አይገባም። 22 ወይም 23 አካባቢ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ጉልበቱ። በሦስቱ ቁጥሮችሽ ውስጥ ጥርጣሬ የገባኝ በ157 ነው። ለእናትሽ ዕድሜ የሚሠራበት የሴት ቀመር ይሄ ነው፦

```
ቁመት = 84.88 − (0.24 × ዕድሜ) + (1.83 × የጉልበት ርዝመት)
```

በዚህ ሄደሽ 157 ካገኘሽ ጉልበታቸውን 49 ብለሽ ለክተሻል ማለት ነው። እንዴት እንደለካሽ ንገሪኝ። የትኛውን እግር? እግራቸው ጣውላ ወይም መሬት ረግጦ ነበር ወይስ እንደተንጠለጠለ? ሜትሩ ከምን ጀምሮ ምን ላይ ነው ያለቀው?

---

ሰላም ከደሴ

አዎ 49 ነበር። ቀኝ እግሯን ነው የለካሁት። አልጋዋ በግራ በኩል ከግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ የሚቀርበኝ እሱ ነበር። ጉልበቷን ከፍ አድርጌ ትራስ አስገባሁበትና ከእግሯ መዳፍ እስከ ጉልበቷ አናት ለካሁ። እግሯ ምንም አልረገጠም። ቀኝ እግሯ ከስትሮኩ ወዲህ ወደ ታች ዘንበል ያለ ነው፣ ጣቷ ወደፊት ይሾላል።

---

ጤና አዳም

በቃ ችግሩ እሱ ነው። የተልፈሰፈሰ እግር ወደ ታች ሲሾል የእግሩ መዳፍ ፊተኛው ክፍል ከተረከዙ ዝቅ ይላል። ከዚያ ላይ ስትለኪ የባት አጥንትና የእግር መዳፍ አብረው ተለኩ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እንዲሁ ይጨምራል።

ደህናውን ግራ እግር ለኪ። ሥራው ሁሉ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ያለው መታጠፍ ልክ መሆኑ ላይ ነው። ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም እንደ በር ማዕዘን ቀጥ ብለው መታጠፍ አለባቸው። አናጢ የሚጠቀምበት ስኳድራ ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ካጣሽ የደብተር ማዕዘን ይበቃል፣ ከጉልበቱ ጎን አስጠግተሽ እይበት።

በባለሙያ ቤት ካሊፐር አለ፣ ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው ዘንግ ነው። አንዱ ምላስ ተረከዝ ሥር ይገባል፣ ሌላው ጭን ላይ ያርፋል። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አድርጊ። እናትሽን ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጫቸው። ጫማና ካልሲ አውልቂላቸው። ተረከዛቸው መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ከጉልበት ሎሚው ወደ ጭን ሦስት ጣት ያህል ገባ ብለሽ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭናቸው ላይ አጋድሚ። ሥጋው እስኪጠጋ ድረስ ትንሽ ጫን አድርጊው፣ ግን አያሳምማቸው። ከዚያ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ሥር ለኪ። ሜትሩ በእግራቸው ውጪያዊ ጎን፣ በቁርጭምጭሚት አጥንቱ ላይ አልፎ ቀጥ ብሎ ይውጣ። ባታቸውን ተከትሎ አይጠምዘዝ።

ሁለት ጊዜ ለኪ። ከመጀመሪያው በኋላ መጽሐፉን አንሺና እንደ አዲስ ጀምሪ። የሁለቱ ልዩነት ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ላይ ጉልበቱ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ለኪ።

---

ሜትር በአንገቴ

አንድ ነገር ልጨምር። የልብስ ሰፊ ሜትር ቆይቶ ይለጠጣል። የኔው አሮጌ ሜትር ከብረቱ ጋር ሳስተያየው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ተለጥጦ አገኘሁት። ቀጥ ላለ ነገር የአናጢውን የብረት ሜትር ተጠቀሚ።

እጅ መዘርጋቱን ግን ለምን እንደማትፈልጉት አልገባኝም።

---

ጤና አዳም

ወንድሜ፣ የሜትሩ ነገር ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ።

እጅ መዘርጋቱንም አልጣልኩትም። ግማሹ እውነት ነው። ለብዙ ሰው የእጅ ዝርጋታና ቁመት ይቀራረባሉ፤ እኩል ናቸው ማለት ግን አይደለም። በኛ አካባቢ ሕዝቦች ዘንድ ዝርጋታው ብዙ ጊዜ ከቁመቱ ይበልጣል። አንተ ራስህ ቁመቱ መካከለኛ ሆኖ እጅጌው አልበቃ ያለው ደንበኛ ገጥሞህ አያውቅም?

ሌላው ነገር ዕድሜ ነው። የእጅ አጥንት በእርጅና አያጥርም። የጀርባ አጥንት ግን ያጥራል። ስለዚህ ዝርጋታ የሚነግርህ ሰውየው በጉልምስናው የነበረውን ቁመት ነው። የሰላም እናት 160 ማለት በ30 ዓመታቸው የነበሩት ቁመት ሊሆን ይችላል። የጉልበቱ ቀመር ግን ዕድሜን አስገብቶ ይቀንሳል። 0.24 ሲባዛ በ74 የሚለው ክፍል እሱ ነው፤ ወደ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ይነሳል።

---

ሜትር በአንገቴ

ገጥሞኛል፤ ያውም ብዙ። ቀጠን ያለ ረጅም ሰው ሲመጣ እጅጌውን ሳልለካ አልቆርጥም። እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

---

የናቲ እናት

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ከወጣሁ። የኔ ልጅ ሲፒ፣ ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት አለበት። ሰባት ዓመቱ ነው፣ አይቆምም። እናንተ የምትሉትን የጉልበት ቀመር የወንዱን ፈልጌ ሠራሁት። ጉልበቱ 33 ነው። ቀመሩ 130 አለኝ! ልጄ ግን ከጎረቤት የአምስት ዓመት ልጅ ብዙም አይበልጥም። ይሄ ማለት ወደፊት ይረዝማል ማለት ነው? ወይስ የሆነ የተደበቀ ነገር አለ?

---

ጤና አዳም

እህቴ፣ አይዞሽ፣ የተደበቀ ነገር የለም። ስለ ወደፊቱ የሚናገርም አይደለም። ያ ቀመር የተሠራው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ሰዎች ነው። ልጅ ላይ ሲያርፍ የማይረባ ቁጥር ይሰጣል።

ሲፒ ላለባቸው ልጆች የተለየ ቀመር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው። እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ ወንድና ሴት አይለይም፦

```
ቁመት = (2.69 × የጉልበት ርዝመት) + 24.2
```

ለናቲ 2.69 በ33 ሲባዛ 88.8 ነው፤ 24.2 ሲጨመር 113 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይሄ አንቺ በዓይንሽ ከምታይው ጋር ይሄዳል አይደል? ጉልበቱ አልዘረጋ ወይም አልታጠፍ ካለ ሌሎች አጥንቶችን የሚጠቀም ቀመርም አለ። ለሱ ጥያቄ ብቻውን ክር ብትከፍቺ መልካም ነው፤ የልጅ ነገር እዚህ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር።

---

የናቲ እናት

113። አዎ፣ እሱ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እከፍታለሁ።

---

ሰላም ከደሴ

ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ አስቀመጥናትና ግራ እግሯን ለካሁ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ተረከዟን ያዘልኝ። መጀመሪያ 46.2 መጣ። መጽሐፉን አንስቼ ደግሜ ስለካ 46.6 ሆነ። መሃሉን 46.4 አደረግኩት።

84.88 ሲቀነስ 17.76፣ ሲደመር 84.91። ውጤቱ 152 ነው። ከመጀመሪያው በአምስት ሴንቲሜትር ወረደ!

የክንዷን አጥንትም እንዳልሽኝ ለካሁ፤ 22.5 ነው።

---

ከሊድስ

22.5 ከ65 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ሰንጠረዡ 153 ይላል። ከጉልበቱ ጋር በአንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚለያየው።

---

ፊዚዮ ከባሕር ዳር

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ጤና አዳም ያለችው ትክክል ነው፤ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ስለተገናኙ ብቻ እርግጠኛ እንዳትሆኑ። የጉልበቱ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ከነጭ አረጋውያን ተለክቶ የወጣ ነው። የክንዱ ሰንጠረዥም የእንግሊዝ ነው። ሁለቱም የእጅና የእግር ርዝመትን ከመላው ቁመት ጋር የሚያዛምዱት በዚያ አገር ሰው አካል ነው። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ አጭር የሆነ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ወደ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። መስማማታቸው አለመሳሳታቸውን አያሳይም።

አገር ውስጥ የተሠራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከአካል ክፍሎች ቁመት የሚገመትበትን ቀመር አሳትመዋል። ግን የተለኩት ከ60 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ለ74 ዓመት እናት በቀጥታ አይሆንም። ለኛ አረጋውያን የምመርጠው ቀመር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

---

ጤና አዳም

ትክክል ነህ፣ ይሄን መናገር ነበረብኝ። ቀመሩ በተሠራበት ሕዝብ ውስጥ እንኳ አንዲት ሴት ላይ ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር ወዲህ ወይ ወዲያ ሊሄድ ይችላል። 152 ሲባል ከ145 እስከ 160 መካከል የሆነ ቦታ፣ ምናልባትም መሃሉ አካባቢ ማለት ነው። እንደ ሚዛን ቁጥር አትዩት።

ለዚያም ነው አጭር አጥንት ስትለኩ የበለጠ የምትጠነቀቁት። የጉልበቱ ርዝመት በ1.83 ይባዛል። አንድ ሴንቲሜትር ብትሳሳቺ ቁመቱ ላይ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ይሆናል። የክንዱ አጥንት ግን በእናትሽ ዕድሜ በ3.25 ነው የሚባዛው። የእጅ አንጓዋ እብጠት መሃል ሳይሆን ጫፏ ላይ አንድ ሴንቲሜትር አልፈሽ ብትለኪ ሦስት ሴንቲሜትር የሚበልጥ ስህተት ታገኛለሽ። ክንዱ ለመለካት ቀላል ነው፤ ስህተቱን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚታጠፍ ሰው ከሆነ እኔ ጉልበቱን አስቀድማለሁ። ጉልበቱ ደርቆ ያልታጠፈ እንደሆነ ወደ ክንድ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። 41 ኪሎ በ152 ሲሠራ ቢኤምአይ 17.7 ነው። በክንዱ 153 ሲሠራ 17.5። በእጅ ዝርጋታው 160 ደግሞ 16። ሦስቱም ከ18.5 በታች ናቸው። ከዚያ በታች ያለ ሰው ከስቷል ነው የሚባለው። ብቻውን የቆመው አልጋ ላይ የተለካው 143 ነው፤ እሱ 20 ብሎ ደህና ናት ይላል። እሱ ደግሞ ከሁሉም የማይታመነው ነው፤ ለምን እንደሆነ ልብስ ሰፊው ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ተናግሮታል።

ስለዚህ ትክክለኛ ቁመታቸው 152 ይሁን 156 ሳንጨቃጨቅ እናትሽ ከስተዋል ማለት እንችላለን። ከስትሮክ በኋላ ሰው የሚከሳበት ብዙ ምክንያት አለ፤ መዋጥ ይከብዳቸዋል ወይ? ሲጠጡ ያስላቸዋል?

---

ሰላም ከደሴ

ውሃ ስትጠጣ ትንታ ይይዛታል። አጥሚት ግን ደህና ትውጣለች። ይሄን ለሐኪሙ አልነገርኩትም ነበር።

---

ጤና አዳም

ከቁመቱ ቀድሞ እሱን ንገሪያቸው፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ። ቀጭን ፈሳሽ ትንታ እያስያዛቸው ከሆነ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ውሃ ሲሰጥ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፣ ተኝተው በፍጹም አይጠጡ።

---

ፊዚዮ ከባሕር ዳር

አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ፣ ለጤና አዳም። ቢኤምአይ ስናወጣ የትኛው ቁመት ነው ትክክሉ? የዛሬው የተቀነሰው ነው ወይስ የጉልምስናው? ወገባቸው ስለጎበጠ ጡንቻቸውና አጥንታቸው የሚፈልገው ክብደት አልቀነሰም። በዛሬው አጭር ቁመት ስንሠራው ቢኤምአዩ ሳይገባው ከፍ ይላል፤ የከሳ ሰው ደህና መስሎ ይታየናል። እኔ የእጅ ዝርጋታውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ልብስ ሰፊው የተሳሳተበትን ምክንያት ትቼ፣ መልሱን እቀበላለሁ።

---

ጤና አዳም

ክርክሩ የቆየ ነው። ያንተን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ግን ሌላም ጎን አለው። 18.5 የሚለው ድንበር ራሱ የወጣው ቆመው ከተለኩ ሰዎች ነው። በጉልምስና ቁመት ከሠራነው ብዙ አዛውንት ሳይከሳ ከሳ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በዝርጋታ ደግሞ የእጁ መርዘም በራሱ ይጨመርበታል። ከሁለት አቅጣጫ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል ማለት ነው።

እኔ ክፍሌ ውስጥ የማደርገው ይሄ ነው። አንዱን መንገድ እመርጣለሁ፤ በካርዱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም እጽፋለሁ፦ «ቁመት 152፣ በግራ ጉልበት»። ከዚያ በኋላ አልቀይረውም። የአዋቂ ቁመት ከወር ወር አይለወጥም፤ ክብደቱ ነው የሚሄደው የሚመጣው። አንዴ በጉልበት፣ አንዴ በዝርጋታ፣ አንዴ በዓይን ግምት ከተሠራ ግን ሰውየው ሳይወፍር ወፈረ፣ ሳይከሳ ከሳ ይባላል።

ደግሞ ቁመት የማይፈልግ መለኪያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶችና ለሕፃናት የሚጠቀሙበት የላይኛው ክንድ ዙሪያ። በትከሻና በክርን መካከል ያለውን መሃል ቦታ አግኝተሽ እጃቸው ዘና ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ዙሪያውን ለኪው፣ ሳታጠብቂ። ከ23.5 በታች ከሆነ ቢኤምአዩ ከ20 በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደህናው እጅ ላይ ለኪ፤ የሽባው እጅ ጡንቻ ስለሚሟሽሽ ያሳስታል።

---

ፊዚዮ ከባሕር ዳር

በመመዝገቡ እስማማለሁ። በቁመቱ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። 🙂

---

ሰላም ከደሴ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ለጠፋሁት ይቅርታ። ግራ ክንዷ ዙሪያው 21 ሆነ። ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኩ። ትንታውን ስነግራቸው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ መዋጥ እንዴት እንደሆነ አይተው ውሃውን ወፈር አድርገን እንድንሰጣት አሳዩን፤ ለክብደቷም የሚጨመር ነገር ሰጡን። ባለፈው ቅዳሜ ሚዛኑ 41.8 አለ።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። አዲሱ ካርዷ ላይ ቁመት የሚለው ቦታ እንደገና 143 ተጽፎ አገኘሁት። አንዱ ሰው አልጋ ላይ በሜትር ለክቷት ነው። ነርሷን ጠርቼ ወረቀቴን አሳየኋት። ሰርዛ «152፣ በግራ ጉልበት» ብላ ጻፈችልኝ።

ጤና አዳም፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የአጎቴ ሁለቱም ጉልበቶች ደርቀዋል፣ አይታጠፉም። ግራ ክንዱ ደግሞ ልጅ ሳለ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ለሱ ቀኝ ክንዱን ብለካ ይሆናል?

---

ጤና አዳም

ይሆናል። ቀኙን ለኪና ቀኝ መሆኑን ጻፊበት። የሚሠራበት እጅ አጥንት ትንሽ ረዘም ሊል ይችላል፣ ያን ያህል አያስጨንቅም። ዕድሜያቸው ስንት ነው? 65 ካለፉ ሌላ ዓምድ ነው የሚታየው።

---

ሰላም ከደሴ

እሱ 63 ነኝ ይላል። እናቴ ግን የለም፣ 67 ነው፣ በክረምት ነው የተወለደው ትላለች። ነገ ለክቼ ሁለቱንም እጽፍልሻለሁ።